ሰዓቱን አትመኑ፦ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ሴቭ እና የተቋረጠ ኔትወርክ

ኔትወርክ ከወራት በኋላ ሲመለስ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የተጠራቀመ መልእክት ነው። ቴሌግራሙ ይንጫጫል፣ የሩቅ ዘመድ ሰላምታ ይገባል፣ የሞተ ሰው መርዶ ሳይቀር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ጌም ለሚጫወት ወጣት ግን ሌላም ነገር ይጠብቀዋል። ስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት ትወጣና «ኮምፒውተርህ ላይ ያለውና ክላውድ ላይ ያለው አይስማሙም፣ አንዱን ምረጥ» ትላለች። ሁለት ቀን ተጽፎባታል፣ ሁለት ምርጫ ቀርቦባታል። አንዱ ሲነካ ሌላው ይጠፋል።

ይህች መስኮት የተሠራችው ኔትወርክ ለደቂቃዎች እንጂ ለወራት በማይጠፋበት አገር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ግን እንደዚያ አልኖሩም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ ከእጅ ወጥተው እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ከሌላው ዓለም ተቆርጠው ነበር። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። መዝጋት የወሰነ አካል ስለ ጌም አላሰበም፣ እንዲያስብም የሚጠብቅ የለም። ነገር ግን በማመሳሰል ላይ የተመሠረተ ነገር ሁሉ በእንዲህ ያለ መቋረጥ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። የዛሬው ጽሑፍ ያ የተከፈለ ነገር እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚመለስ ነው። አቋሙም ከወዲሁ ይነገር፦ መስኮቷ የምታሳየው ቀንና ሰዓት ለምርጫው መሠረት ሊሆን አይገባም፤ እንደኛ አገር ባለ ሁኔታ ደግሞ ጭራሽ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንዲት ተማሪ ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ትማራለች እንበል። ላፕቶፗ ዶርም ውስጥ ነው። ደሴ፣ ሆጤ፣ ቤተሰቦቿ ጋ ደግሞ ያገለገለ ዴስክቶፕ አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅዳሜ ሽቅብ ትወጣለች፣ እሁድ ቁልቁል ትወርዳለች። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም ትጫወታለች። ይህን ጌም ኤሪክ ባሮን የተባለ ሰው ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ያወጣው ሲሆን፣ ቀላል ስለሆነ ያረጀ ማሽንም ይሸከመዋል። ሴቭ የሚያደርገው ገጸ ባሕሪዋ አልጋ ላይ ወጥታ ስትተኛ፣ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው።

ሐምሌ 2015 ላይ ደሴ ሆና እስከ ሁለተኛው ዓመት በጋ 6ኛ ቀን ድረስ ተጫወተች፣ ስልኳን ሆትስፖት አድርጋ ወደ ስቲም ክላውድ ጫነችው። ኮምቦልቻ ወርዳ ላፕቶፗ ላይ ያንኑ አወረደችና ሦስት ቀን ጨመረች፤ ክላውዱ በጋ 9 ላይ ደረሰ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰች፣ ኔትወርኩም ጠፋ። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ገና በጋ 6 ነው። «ኋላ ራሱ ያስተካክለዋል» ብላ ከዚያው ቀጠለች። በክረምቱ ዝናብ ከቤት ሳትወጣ የበጋውን ቀሪ 22 ቀን ጨረሰች፣ በመኸሩም 11ኛ ቀን ደረሰች። በጠቅላላው 33 የጌም ቀን ነው። በዚህ ጌም አንድ ሙሉ ቀን 14 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ ስሌቱ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ የሆነ ጨዋታ ይሆናል።

አሁን የዴስክቶፑን ነገር እንመልከት። ያገለገለ ዴስክቶፕ ሲገዛ ማንም የማያየው አንድ ዕቃ አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ፣ CR2032 የሚባለው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ስትሞት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ ማሽኑ ሲነሣም F1 ተጫኑ እያለ ይለምናል። የተማሪዋ ዴስክቶፕ በየጊዜው ወደ ጥር 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ይመለሳል እንበል። ደሴ ላይ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ እነዚያ 33 ቀናት የተቀመጡባቸው ፋይሎች በሙሉ የ2012 ማህተም ነው ያላቸው። ይባስ ብሎ ዛሬ የተጻፈው ትናንት ከተጻፈው የቀደመ ሊመስል ይችላል፤ ማታ መብራት ሄዶ ሰዓቱ እንደገና ከጥር 1 ጀምሯልና።

ኔትወርኩ ሲመለስ ቀኑ በዚህ ያህል የተሳሳተ ኮምፒውተር ስቲምንም ሆነ ድረ ገጾችን በደህና አያገናኝም፤ የደህንነት ሰርተፍኬቶቹ «ገና ጊዜያቸው አልደረሰም» ተብለው ይጣላሉ። ስለዚህ ሰዓቱን በእጇ ታስተካክላለች። ስቲም ይገናኛል፣ ጌሙን ትከፍታለች፣ መስኮቷ ትወጣለች፦ ክላውድ ላይ ያለው ሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ.፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጥር 2012። ጤነኛ ሰው የትኛውን ይመርጣል? የ2023ቱን ነዋ! ከመረጠም ሰባቱ ሰዓት በሁለት ሰከንድ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስቲም ራሱ ግጭት መኖሩን የሚያውቀው ሰዓት አይቶ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጌም remotecache.vdf የምትባል ትንሽ መዝገብ ይይዛል። እዚያ ውስጥ ከክላውዱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተስማሙበት የለውጥ ቁጥርና የእያንዳንዱ ፋይል አሻራ አለ። ከዚያ ስምምነት ወዲህ ክላውዱ ብቻ ከተለወጠ ዝም ብሎ ያወርዳል፣ ኮምፒውተሩ ብቻ ከተለወጠ ዝም ብሎ ይጭናል። ሁለቱም ከተለወጡ ግን ማን ትክክል እንደሆነ ሊያውቅ አይችልምና ሰውየውን ይጠይቃል። እስከዚህ ሥራው ልክ ነው። ችግሩ ጥያቄውን ሲያቀርብ ነው፦ ራሱ ያልተማመነበትን ሰዓት አውጥቶ ለሰው ማስረጃ አድርጎ ይሰጣል።

ባትሪው ባይሞት እንኳ እኛ አገር ሰዓት የሚሳሳትበት ሌላ መንገድ አለ። ኮምፒውተሩ «3 ሰዓት» እንዲልላቸው ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚጎትቱ ሰዎችና ቢሮዎች ጥቂት አይደሉም። የአንዱ ማሽን ሰዓት ተጎትቶ የሌላው ካልተጎተተ፣ ከቀትር በኋላ ቤት የተጫወቱት ረፋድ ላይ ግቢ ከተጫወቱት የቀደመ ሊመስል ይችላል። ቀኑም በቁጥር ብቻ ሲጻፍ 07/08 ሐምሌ ይሁን ነሐሴ፣ ወሩ ይቅደም ቀኑ፣ በኮምፒውተሩ አቀማመጥ የሚወሰን ነው።

እንግዲህ ተማሪዋ ምን ታድርግ? አንደኛ፣ ምንም አትምረጥ። መስኮቷን መዝጋት ይቻላል፤ ጌሙ አይከፈትም እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። ከዚያ ኔትወርኩን ታጥፋና ስቲምን ሙሉ በሙሉ ትዝጋ። ቀጥሎ የሴቩን ፎልደር ወደ ፍላሽ ትቅዳ። በዊንዶውስ ላይ ስታርዲው ቫሊ ሴቩን የሚያኖረው እዚህ ነው፤ ይህን በፋይል መክፈቻው አድራሻ ቦታ ላይ ጽፎ ኢንተር መምታት ይበቃል፦

```
%appdata%\StardewValley\Saves
```

ፍላሹ ላይ ፎልደሩን «ደሴ ዴስክቶፕ» ብላ ትሰይመው። ላፕቶፑም ላይ እንዲሁ፣ ኔትወርክ ሳታገናኝ፣ «ኮምቦልቻ ላፕቶፕ» ብላ። የክላውዱን ደግሞ በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል። በብራውዘር ወደ store.steampowered.com/account/remotestorage ገብቶ በስቲም አካውንት ሲገቡ፣ ክላውዱ ላይ ያለው የእያንዳንዱ ጌም ፋይል ተዘርዝሮ ይታያል፣ አንድ በአንድም ይወርዳል። ይህ ገጽ ያለውን የአሁኑን ቅጂ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ያለፈውን አያስቀምጥም። ስለዚህ ጥቅሙ ከመምረጥ በፊት ነው፤ ከመረጡ በኋላ ቢሄዱ የመረጡትን ያው ያገኙታል።

ሦስቱም ቅጂ በእጅ ከገባ በኋላ ፍርዱ ይጀምራል። ፍርዱም ከፋይሉ ቀን ሳይሆን ከፋይሉ ሆድ ነው። ስታርዲው ቫሊ ሴቩን የሚጽፈው ተራ ጽሑፍ አድርጎ ስለሆነ ኖትፓድ ይከፍተዋል። በገጸ ባሕሪዋ ስም በተሰየመው ፎልደር ውስጥ SaveGameInfo የሚል ፋይል አለ። ሲከፈት ማለቂያ የሌለው አንድ መስመር ይመስላልና ዓይን ያደናግራል፤ ግን Ctrl+F ተጭኖ ForSaveGame ብሎ መፈለግ ነው። የደሴው ዴስክቶፕ እንዲህ ይላል፦

```
<dayOfMonthForSaveGame>11</dayOfMonthForSaveGame>
<seasonForSaveGame>2</seasonForSaveGame>
<yearForSaveGame>2</yearForSaveGame>
```

ወቅቱ ከዜሮ ነው የሚቆጠረው፦ 0 ጸደይ፣ 1 በጋ፣ 2 መኸር፣ 3 ክረምት። እንግዲህ ይህ የሁለተኛው ዓመት መኸር 11 ነው። ከክላውዱ የወረደው ደግሞ ቀን 9፣ ወቅት 1፣ ዓመት 2 ይላል። የ2012 ማህተም ያለው ፋይል ነው የገፋው። እዚያው ፋይል ውስጥ millisecondsPlayed የሚል ቁጥርም አለ፤ ገጸ ባሕሪዋ ጠቅላላ የተጫወተችበት ጊዜ ነው፣ ለ3,600,000 ሲካፈል በሰዓት ይወጣል። ይህ ቆጣሪ የግድግዳውን ሰዓት አይጠይቅም። መብራት ቢሄድ፣ ባትሪ ቢሞት፣ ሰዓቱ ወደ አበሻ ቢጎተት፣ እሱ ከቆመበት ነው የሚቀጥለው።

ነገር ግን ብዙ የሄደው ሁሉ ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም። ላፕቶፑ ላይ የተጫወተቻቸው ሦስት ቀናት ዴስክቶፑ ውስጥ የሉም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ማዕድን ውስጥ ገብታ ሁለተኛ የማይገኝ የሚመስል ድንጋይ አግኝታ ከሆነስ? ሁለቱ ሴቮች ከበጋ 6 ላይ የተለያዩ ሁለት መንገዶች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይጨምርም፣ መቀላቀልም አይቻልም። ማሽን ሊፈርደው የማይችለው እዚህ ነው። 33ቱን ከሦስቱ ጋር መዝና እሷ ትወስን። የተሸነፈውን ግን ፍላሹ ላይ ታኑረው፤ ቦታ የሚወስድ ነገር አይደለም።

ውሳኔው ለደሴው ሆነ እንበል። አሁን ክላውዱ እንዲቀበለው ማድረግ ነው። ስቲም ላይ በጌሙ ስም ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጋ Properties ውስጥ General የሚለው ጋ የስቲም ክላውድን ለዚህ ጌም ታጥፋ። ጌሙን ትክፈት፣ መኸር 11 መሆኑን በዓይኗ ትይ፣ አንድ ቀን ተጫውታ ትተኛ። ይህች አንዲት ቀን ሁለት ጥቅም አላት፦ ሴቩ ጤነኛ መሆኑ ይረጋገጣል፣ አዲሱ ፋይልም ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ስለተጻፈ ትክክለኛ ቀን ይይዛል። ከዚያ ጌሙን ዘግታ ክላውዱን ትመልስ፣ እንደገና ትክፈት። መስኮቷ ስትመጣ አሁን ያለ ፍርሃት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ትምረጥ። መጫኑ ሳያልቅ ኮምፒውተሩን ማጥፋት የለም።

ላፕቶፑ ላይ ሲደረስ ደግሞ የሚሠራ ስህተት አለ። «ለክላውዱ ቦታ ልልቀቅ» ብሎ የሴቩን ፎልደር መሰረዝ። ስቲም ባዶውን ፎልደር አይቶ «ባለቤቱ ሰርዞታል» ብሎ ሊረዳና ክላውዱንም ሊያጸዳ ይችላል። አሮጌው ባለበት ይቀመጥ፣ መስኮቷ ስትጠይቅ ክላውዱ ይመረጥ። ክላውዱ በዝምታ ካወረደውም ችግር የለም፣ ቅጂው ፍላሽ ላይ አለ።

ሁለት ኮምፒውተር ሳይኖር በአንዱ ኮምፒውተር ላይም ይኸው ጣጣ ይመጣል፣ ላውንቸሮቹ ሁለት ሲሆኑ። የአገር ውስጥ ካርድ ለውጭ ግዢ አልሠራ ሲል ጌም በስጦታ ነው የሚገኘው፤ አንዱ ዘመድ በስቲም ይልካል፣ ሌላው በጎግ። ስታርዲው ቫሊ ከሁለቱም ቢጫን ሴቩ የሚቀመጠው ያችው አንዲት ፎልደር ውስጥ ነው። በላይዋ ግን ሁለት ክላውድ አለ፣ አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም። ጎግ ላይ የተጫወቱትን ስቲም ሲያይ «ፋይሉ ተለውጧል» ብሎ ይጭነዋል፤ ጥሩ ዕድል ነው። በሌላ ኮምፒውተር በስቲም ከተጫወቱ ግን የስቲሙ ክላውድ ይወርድና የጎጉን ይሸፍናል፣ ጎግም በተራው ይጣላል። መድኃኒቱ አጭር ነው፦ የአንዱን ላውንቸር ክላውድ ማጥፋት። ሁለት እረኛ ያለው ከብት ውሎ አድሮ ማሳ ይገባል።

ምርጫው ቀድሞ ተሳስቶ ከሆነስ? ታናሽ ወንድሟ ቀድሟት ጌሙን ከፍቶ፣ «እትዬ፣ አዲሱን መረጥኩልሽ» ቢላትስ? መጀመሪያ ሌላኛውን ኮምፒውተር ማስታወስ ነው። ያላገናኘው ማሽን ውስጥ ያለው ቅጂ ገና ደህና ነውና ኔትወርክ ሳያገኝ ይከፈት፣ ይቀዳ። ያ ከሌለ በስቲም ፎልደር ውስጥ logs ስር cloud_log.txt የሚል ፋይል አለ፤ የትኛው ፋይል መቼ እንደወረደና እንደተጫነ ይናገራል። የጠፋውን አይመልስም፣ ግን ማን ማንን እንደሸፈነ ያሳያል፣ ያም በከንቱ ከመፈለግ ያድናል። የዊንዶውስ የፋይል ታሪክ ቀድሞ በርቶ ከነበረ የቀድሞው ቅጂ እዚያ ሊገኝ ይችላል፤ ችግሩ እሱን ቀድሞ ያበራ ሰው ጥቂት ነው።

በሴቩ ፎልደር ውስጥ በ_old የሚያልቁ ፋይሎችን አይቶ ተስፋ የሚያደርግ ብዙ ነው። እነሱ የአንድ ቀን ታናናሽ ናቸው፣ ያለፈውን አንድ ቀን ብቻ ይይዛሉ፣ ክላውዱ ሲወርድም አብረው ሊሸፈኑ ይችላሉ። የሚጠቅሙት ለሌላ በሽታ ነው፦ ሴቭ እየተጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ። ያን ጊዜ SaveGameInfo በኖትፓድ ሲከፈት ባዶ ወይም ክፍት ቦታ ብቻ ይሆናል። የተበላሹትን ሁለቱን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ ከሁለቱ አሮጌዎች ስም ላይ _old የሚለውን ማጥፋት ነው፤ አንድ ቀን ይጠፋል፣ የቀረው ይተርፋል። ይህን አስቀድሞ ሳያረጋግጡ የተበላሸውን ባዶ ፋይል ወደ ክላውድ መስደድ ግን ደህናውንም መግደል ነው።

ለኩባንያዎቹ የሚቀርበው ቅሬታ እንግዲህ ትንሽ ነው። ስቲም የጌሙን ሆድ አያነብም፣ የእያንዳንዱ ጌም ፋይል ቋንቋ የተለያየ ነው፣ ስለዚህ «ይህ መኸር 11 ነው» ሊል አይችልም ቢባል ያስማማል። ነገር ግን የተሸነፈውን ቅጂ እዚያው ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጥግ ለአንድ ወር ቢያቆይ ምን ይጎድለዋል? የዚህ ጌም ሴቭ እኮ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ በቴሌግራም የሚላክ አንድ አጭር ቪዲዮ ይበልጠዋል። አንዱን ምርጫ ሲነኩ ሌላው እስከ ወዲያኛው ይጥፋ የሚለው ቴክኒካዊ ግዴታ አይደለም፤ መስኮቷን የሠራው ሰው ኔትወርክ ለስድስት ወር ሲጠፋ አይቶ ስለማያውቅ ነው።

ባትሪዋን በተመለከተ፣ የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ማንኛውም ሱቅ ያውቃታል፣ መቀየሩም ክዳን ከፍቶ በጥፍር አውጥቶ ማስገባት ነው። ተማሪዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽቅብ ስትወጣ አንዷን ይዛ ትሂድ። ከቀየረች በኋላ ዓመቱን፣ ወሩንና ሰዓቱን በፈረንጁ ታስተካክል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ከሶኬቱ ነቅላ ለአንድ ሌሊት ትተወውና ጠዋት ሰዓቱ ቆሞ እንደሆነ ትይ።